ህዳጉ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ

«ቅኝቱ ካማላ ሐሪስን 47፣ ዶናልድ ትራምፕን 44 አላቸው። ልዩነቱ 3፣ የስህተት ህዳጉ 3.4 ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩል ነበሩ፣ መሪ የሚባል አልነበረም። ደግሞ በ95 በመቶ መተማመን ይላሉ፤ እውነቱ በተሰጠው ክልል ውስጥ ለመሆኑ 95 በመቶ ዕድል አለ ማለት ነው። ለመሆኑ 808 ሰው ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ግዛት እንዴት ሆኖ ይናገራል? ድምፁ ሲቆጠር ትራምፕ በ13 ነጥብ አሸነፉ። የስህተት ህዳግ የሚሉት ማደናገሪያ ነው፤ ቅኝቱም የተፈበረከ ነው።»

ጽሑፉ አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም በሦስት ዘመዶቼ በኩል ደረሰኝ። የጸሐፊው ቁጣ ይገባኛል፤ ከተናገሩትም ውስጥ የምቀበለው አለ። ነገር ግን አራቱ ክርክሮቻቸው በአንድ ስህተት ላይ የቆሙ ስለሆኑ ተራ በተራ ልመልስላቸው።

በመጀመሪያ ስለየትኛው የሕዝብ አስተያየት ቅኝት እንደምንነጋገር ግልጽ ይሁን። በአዮዋ ግዛት የሚታተመው «ዴሞይን ሬጅስተር» ጋዜጣ ከምርጫው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2024 ያወጣው ነው። ሥራው የቅኝት ባለሙያዋ የአን ሴልዘር ነው። ከጥቅምት 28 እስከ 31 ድረስ በስልክ የተጠየቁት 808 ሰዎች ድምፅ የሰጡ ወይም በእርግጥ እንሰጣለን ያሉ ነበሩ። ድምፁ ሲቆጠር ትራምፕ 55.7፣ ሐሪስ 42.5 በመቶ አገኙ።

ስለ «እኩል» ነገር እንጀምር። 3.4 ከየት እንደመጣ ካላየን ከምን ጋር እንደምናወዳድረው አናውቅም። ቀመሩ አጭር ነው፦

```
1.96 × √(0.47 × 0.53 ÷ 808) = 0.034
```

በሥሩ ውስጥ ያለው 0.47 የሐሪስ ድርሻ ነው፤ 0.53 ደግሞ እሳቸውን ያልመረጡት ሁሉ። ስለዚህ ይህ 3.4 የአንድ ተወዳዳሪ ድርሻ ህዳግ ነው፤ የሐሪስ 47 ከ43.6 እስከ 50.4፣ የትራምፕ 44 ከ40.6 እስከ 47.4 ሊሆን ይችላል ይላል። በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ግን ምንም አላለም። ርቀቱ የራሱ ህዳግ አለው፤ ያም ይሰፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአጋጣሚ በናሙናው ውስጥ በአንድ የትራምፕ ደጋፊ ፈንታ አንድ የሐሪስ ደጋፊ ቢገባ፣ የእሳቸው በአንድ ሲጨምር የትራምፕ በአንድ ይቀንሳል፤ ርቀቱ ግን በሁለት ይለወጣል። ለዚህ ቅኝት ሲሰላ የርቀቱ ህዳግ 6.6 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ሐሪስ በ3 ይመራሉ የሚለው ውጤት እንግዲህ ትራምፕ በ3.6 ከሚመሩበት አንስቶ ሐሪስ በ9.6 እስከሚመሩበት ድረስ የተዘረጋ ነበር።

ጸሐፊው 3ን ከ3.4 ጋር ሲያወዳድሩ ያደረጉት ጨርቅን በኪሎ መመዘን ነው። መሪውን ለይቶ መናገር አይቻልም ማለታቸው ልክ ነው፤ የደረሱበት ግን በተሳሳተ መንገድ ነው። ስህተቱ የሚታየው ቁጥሩን ትንሽ ስንቀይረው ነው። ሐሪስ 49፣ ትራምፕ 44 ቢሆኑ ኖሮ ርቀቱ 5 ይሆን ነበር። በጸሐፊው ደንብ 5 ከ3.4 ስለሚበልጥ «መሪ አለ» ይባላል። ትክክለኛው የርቀት ህዳግ ግን አሁንም ወደ 6.6 ነው፤ መሪነቱ አሁንም አልተረጋገጠም። ይህ ደንብ በብዙ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ስለሚነገር ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ብቻ መጫን አልፈልግም።

ሌላም አለ። «መሪው አልተረጋገጠም» እና «እኩል ናቸው» አንድ አይደሉም። ክልሉ እንደ ጠፍጣፋ ሜዳ የትም ቦታ ላይ ብንቆም እኩል አይደለም፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ የሚያዘቀዝቅ ጉብታ ነው። ለጊዜው ሌላ ምንም እንደማናውቅና ከናሙና ዕጣ በቀር ሌላ የስህተት ምንጭ እንደሌለ እንቁጠር። በዚህ ግምት ይህ ቅኝት የሚነግረን ሐሪስ ይመራሉ ብሎ ለመወራረድ ዕድሉ ከአምስት አራት ገደማ መሆኑን ነው። ለእርግጠኝነት አይበቃም፤ ሳንቲም ከመወርወር ግን ይበልጣል። «እኩል ናቸው» የሚል ሰው ይህን መረጃ ወርውሮ ጥሎታል።

ግን እኮ ሌላ ነገር እናውቅ ነበር። ትራምፕ በ2016 አዮዋን በ9.4 ነጥብ፣ በ2020 በ8.2 ነጥብ አሸንፈዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ኤመርሰን ኮሌጅ 800 የአዮዋ መራጮችን ጠይቆ ትራምፕ 53፣ ሐሪስ 43 የሚል ውጤት አወጣ። ህዳጉም ያው ወደ 3.4 ገደማ ነው። እነዚህን ሁለት ቅኝቶች በአእምሯችሁ አስቀምጡልኝ፤ ቀጣዩ ክርክር የሚፈርሰው በእነሱ ነው።

የ95 በመቶውን ነገር ለማስረዳት ጤፍ ይበቃል። እህል በረንዳ ሄዳችሁ የሰርገኛ ጤፍ ጆንያ ፊት ቆማችኋል እንበል። በጆንያው ውስጥ ከመቶው ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ ነጭ እንደሆነ የተወሰነ ነው፤ ነጋዴው ያውቀው አያውቀው፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። እናንተ አንድ ጭብጥ አንስታችሁ ቀዩን ትቆጥራላችሁ፤ ከዚያም ግምታችሁን ግራና ቀኝ በህዳግ ታጥሩታላችሁ። ጆንያው በደንብ የተቀላቀለ ከሆነና መቶ ሰዎች እንዲሁ እያንዳንዳቸው አንድ ጭብጥ ቢያነሱ፣ መቶ የተለያዩ አጥሮች ይሠራሉ። ከመቶው አጥሮች 95 ያህሉ የጆንያውን እውነተኛ ቁጥር ውስጣቸው ያስገባሉ፤ አምስት ያህሉ ይስቱታል። 95 በመቶ የሚባለው ይህ ነው፤ አጥር የማጠሩ ዘዴ ጠባይ ነው። የእናንተ አንድ አጥር እውነቱን ወይ ይዞታል ወይ ስቶታል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እስቲ የጸሐፊውን አተረጓጎም በሁለቱ ቅኝቶች ላይ እንሞክረው። በሴልዘር ቅኝት የትራምፕ ድርሻ ከ40.6 እስከ 47.4 ውስጥ ለመሆኑ «95 በመቶ ዕድል አለ»። በኤመርሰን ቅኝት ደግሞ ድርሻቸው ከ49.6 እስከ 56.4 ውስጥ ለመሆኑ «95 በመቶ ዕድል አለ»። ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም፤ ትራምፕ በሁለቱም ውስጥ ሊሆኑ አይችሉም። ዕድሎቹ ሲደመሩ 190 በመቶ ሆኑ። ከመቶ በላይ የሆነ ዕድል ስለሌለ አተረጓጎሙ አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል። አጥርን የዘዴ ጠባይ አድርገን ካነበብነው ግን ምንም ችግር የለም፦ ሁለት ሰዎች ሁለት አጥር አጠሩ፣ ቢያንስ አንዱ ስቶታል። ድምፁ ሲቆጠር 55.7 በኤመርሰን አጥር ውስጥ ተገኘ።

አንድ ነገር ልቀበል። «እውነቱ በዚህ ክልል ውስጥ ለመሆኑ ይህን ያህል ዕድል አለ» ብሎ መናገር የሚቻልበት ሌላ የስሌት መንገድ አለ። ያ መንገድ ግን ከቅኝቱ በፊት የምናውቀውን እንድናስገባ ያስገድዳል፤ የ2016ን፣ የ2020ንና የሌሎቹን ቅኝቶች ውጤት። እነዚህን ጨምሮ ያሰላ ሰው ደግሞ በዚያ ቅዳሜ ምሽት ሐሪስ አዮዋን ያሸንፋሉ አይልም ነበር። ጋዜጣ ላይ የሚታተመው 95 በመቶ ይህን ሁሉ አላስገባም።

ስለ 808 ረጅም ነገር አያስፈልግም። ከላይ ያለውን ቀመር መልሳችሁ እዩት፤ የግዛቱ ሕዝብ ብዛት በውስጡ የለም። ጭብጡ ከአንድ ጆንያ ይነሳ ወይም በወግ ከተደባለቀ አንድ የጭነት መኪና እህል፣ የሚነግረው ያው ነው። በአዮዋ ድምፅ የሰጠው ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው፤ በመላው አሜሪካ በዕጣ የተመረጡ 808 ሰዎች ቢጠየቁም ህዳጉ 3.4 ነው። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ የጠያቂዎቹ ድካም አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ 3,232 ሰው ማለት ነው። በአገራችንም የምንቀበለው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው ስንባል፣ የአገሩን ሕፃን ሁሉ የለካ የለም። በ645 የቆጠራ ቦታዎች ከተመረጡ ቤተሰቦች የተገኘ ነው፤ ቁጥሩንም ከጸሐፊው ጭምር ሁላችንም እንጠቅሰዋለን።

የጸሐፊው ጥርጣሬ ልክ የሚሆንበት አንድ ቦታ ግን አለ። ከቅኝቱ በኋላ ብዙ የተወራው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ሐሪስን 63 ለ28 ይደግፋሉ የሚለው ነበር። እነዚህ ሴቶች ከ808ቱ ውስጥ ጥቂቶች ናቸው። ለምሳሌ 150 ቢሆኑ የእነሱ ህዳግ 3.4 መሆኑ ቀርቶ ወደ 8 ይጠጋል። ስለነሱ የተጻፈው ትንታኔ ሁሉ በዚህ ሰፊ አጥር ውስጥ ሲንከላወስ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ጸሐፊውም ከሁሉ በላይ የተቆጡበት ይህ ነው። ቅኝቱ ሐሪስ በ3 ይመራሉ አለ፤ ትራምፕ በ13 አሸነፉ። የ16 ነጥብ ስህተት ነው። የቅኝቱ ደጋፊዎች «ከሃያው አንዱ መሳቱ አይቀርም፤ ይህ ያ አንዱ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጸሐፊው ከመመለስ ይልቅ ለእነሱ መመለስ ይቀለኛል፦ አይደለም። በዕጣ ምክንያት ብቻ ርቀቱ በተለምዶ የሚወዛወዘው የ6.6ቱን የርቀት ህዳግ ግማሽ ያህል፣ በ3.4 ነጥብ ገደማ ነው፤ ይህ ስህተት የዚያ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ከሃያ አንዴ የሚደርሰው ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። አምስት እጥፍ የሆነ ስህተት በመጥፎ ዕጣ አይመጣም። ሌላ ነገር ተበላሽቷል።

ይህን ሌላ ነገር ደግሞ የስህተት ህዳግ ለመለካት ተነሥቶ አያውቅም። ህዳጉ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጆንያው በደንብ ተቀላቅሎ ከሆነ፣ የጭብጡ ዕጣ ምን ያህል ሊያታልለን ይችላል? ነጋዴው ነጩን ከላይ፣ ቀዩን ከታች አድርጎት ከሆነ ህዳጉ አያውቅም። በዚህ ጊዜ ጭብጡን ማተለቅም አይረዳም፤ አጥሩ በተሳሳተ ቦታ ላይ ይጠብባል እንጂ።

የስልክ ቅኝት ጆንያ ደግሞ ራሱን በራሱ ይለያል። አሜሪካ እንደመጣሁ ሰሞን አንድ የስልክ ቅኝት ድርጅት ውስጥ በማታ ፈረቃ ሠርቻለሁ። ኮምፒውተሩ ቁጥር ይደውላል፤ አብዛኛው አይነሳም። ከሚያነሱት ብዙዎቹ ስሜን ጠርቼ ሳልጨርስ ይዘጋሉ። የሚያዋራኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ጊዜ ያለው፣ ለማያውቀው ድምፅ ሐሳቡን ለመናገር የማይፈራ፣ በጉዳዩ የሚንገበገብ ነበር። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ1997 በስልክ ከሚፈልጋቸው ሰዎች 36 በመቶውን ያገኝ ነበር፤ በ2018 ይህ 6 በመቶ ሆነ። በዚያ የ2016 የኢትዮጵያ ዳሰሳ ግን ጠያቂዎች በእግራቸው በር እያንኳኩ ከተመረጡት ሴቶች 95 በመቶውን አነጋግረዋል። ሁለቱም በዚያው ቀመር ህዳግ ማተም ይችላሉ፤ የሚታመኑት ግን በእኩል አይደለም። ጥያቄው 94ቱ ያልመለሱት ከ6ቱ ይለያሉ ወይ የሚለው ነው። የአንዱ እጩ ደጋፊዎች ስልክ የማንሳት ዝንባሌያቸው ከሌላው በትንሹም ቢሆን ካነሰ፣ ጭብጡ ከላይ ከተንሳፈፈው ላይ ተነሥቷል ማለት ነው።

ቅኝት ሠሪዎች ይህን ለማረም ሚዛን ይሰጣሉ፤ ወጣት ጥቂት ከገባ የእያንዳንዱን ወጣት መልስ ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ። ሴልዘር በዚህ ቁጥብ ነበሩ፤ በዕድሜ፣ በጾታና በመሰሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ያስተካክሉ ነበር፤ ባለፈው ምርጫ ማንን መረጥህ በሚል አያስተካክሉም ነበር። ይህ ዘዴ በ2016 እና በ2020 አስመስግኗቸዋል። በሁለቱም ምርጫዎች ትራምፕ በ7 እንደሚመሩ ተናግረው ነበር፤ በ2020 ብዙዎቹ ቅኝቶች አዮዋን ተቀራራቢ ባደረጉበት ጊዜ ማለት ነው። በ2024 ይኸው ዘዴ ከዳቸው። ከምርጫው በኋላ ባሳተሙት ምርመራም አንድ ብቸኛ ምክንያት አላገኙም።

ያልወሰኑትም አሉ። 47 እና 44 ሲደመሩ 91 ናቸው፤ 9 በመቶ ቀርቷል። ከዚህ ውስጥ 3ቱ ራሳቸውን ያገለሉትን፣ ስማቸው ግን በድምፅ መስጫው ላይ የቀረውን ሮበርት ኬኔዲን የመረጡ ናቸው። ዘጠኙን ሁሉ ለትራምፕ ብንሰጥ 53 ይሆናሉ፤ 55.7 ከዚያ በህዳግ ርቀት ውስጥ ነው። ግን ሐሪስ 42.5 ማግኘታቸው ከ43.6 በታች ስለሆነ አሁንም ከአጥር ውጭ ናቸው። ዘጠኙን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠትም ደግነት የበዛበት ስሌት ነው። ያልወሰኑት መራጮች ከፊሉን ያስረዳሉ፤ ሁሉን ግን አይደለም።

ይህ የአዮዋ ብቻ ነገር አይደለም። በ2018 የታተመ የአራት ተመራማሪዎች ጥናት በ1998 እና በ2014 መካከል በተደረጉ 608 የግዛት ደረጃ ምርጫዎች ላይ የወጡ 4,221 ቅኝቶችን ከትክክለኛው ውጤት ጋር አነጻጸረ። ያገኙት አማካይ ስህተት 3.5 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ይህም የታተሙት ህዳጎች ከሚያመለክቱት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የምርጫ ቅኝት ሳነብ ህዳጉን በሁለት የማባዛው ለዚህ ነው። በአዮዋ ይህንን ባደርግ የሐሪስ 42.5 በሰፋው አጥር ውስጥ ይገባል፤ የትራምፕ 55.7 ግን አሁንም ውጭ ነው። ይህን አልደብቅም፤ ቅኝቱ መጥፎ ቅኝት ሆኗል።

ተፈብርኳል የሚለው ግን ከዚህ አይወጣም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ትራምፕ በታኅሣሥ 2024 ሴልዘርንና ጋዜጣውን ከስሰዋል። እኔ የምናገረው ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥር መፈብረክ የሚፈልግ ሰው ከሌሎች ቁጥር አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ከተሳሳተ ከሁሉም ጋር ይሳሳታል፣ ማንም አያየውም። የቅኝት ሠሪዎች የተለመደ ኃጢአትም ይኸው ነው፤ ከመንጋው የወጣ ውጤት ሲያገኙ አለማተም ወይም ወደ መሐል መጎተት። ሴልዘር ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፤ ማንም ያላገኘውን ቁጥር በስማቸው አተሙት፤ በሦስተኛው ቀን የሚፈተን መሆኑን እያወቁ። ጸሐፊው ከ16 ነጥብ ስህተት ተነሥተው ወደ ውሸት ሲሄዱ፣ በመካከል ያለውን ስልኩን የዘጋውን ሰው ዘለውታል።

በዚያ ቅዳሜ የወጣው ዜና ከርዕሱ በታች እንዲህ የሚል አንቀጽ ቢኖረው ኖሮ ጸሐፊውም እኔም ይህን ባልጻፍን ነበር፦ «ሐሪስ 47፣ ትራምፕ 44። በናሙናው ዕጣ ብቻ ርቀቱ ትራምፕ በ3.6 ከሚመሩበት እስከ ሐሪስ በ9.6 እስከሚመሩበት ሊሆን ይችላል። ከመቶ ዘጠኙ ሁለቱንም አልመረጡም። ደውለን ስላላነሱልን ሰዎች ይህ ክልል ምንም አይናገርም።»